ሳሎኑና ጓዳው እንዳይደባለቅ፦ የክላውድ ኔትወርክ ዳያግራም እንዴት እንደሚሣል

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሣልኩት አንድ ዳያግራም ነበር። ዳታቤዙን ሰማያዊ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ሰማያዊ ማለት ፕራይቬት ማለት ነው። ሁሉም አይተው፣ ጥሩ ነው ብለው አጸደቁት። ከወራት በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሌላ ችግር ሲፈልግ ራውት ቴብሉን፣ ማለትም ትራፊክ በየት እንደሚሄድ የሚወስነውን ሠንጠረዥ፣ ከፈተ። የዳታቤዙ ሰብኔት፣ ማለትም ዳታቤዙ ያለበት የኔትወርኩ ክፍል፣ በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት የሚወስድ መንገድ ነበረው። እኔ ሰማያዊ ቀባሁት እንጂ ፕራይቬት ያደረገው ሰው አልነበረም። ዳታቤዙ የውጭ አይፒ ስላልነበረው ከውጭ የገባ የለም። ያተረፈን ግን ይኼ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቀለም ከመምረጤ በፊት ራውት ቴብሉን አያለሁ። ይህ ጽሑፍም የሚሄደው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ እውነቱን ማውጣት፣ ከዚያ መሣል። ምሳሌው በአማዞን ክላውድ ላይ ነው፤ መሣያው ደግሞ draw.io ነው። በነጻ የሚገኝ ሲሆን በብሮውዘር ውስጥ ይሠራል።

ፐብሊክ የሚባለው የቱ ነው?

ነገሩን በቤት እንመስለው። እንግዳ ሲመጣ ሳሎን ይቀመጣል፣ ጓዳ አይገባም። ጓዳ ያለ ሰው ግን ዕቃ ሲያልቅበት ወደ ገበያ ሰው መላክ ይችላል። ሳሎኑ ፐብሊክ ሰብኔት ነው፤ ጓዳው ፕራይቬት ሰብኔት ነው። ወደ ገበያ የሚላከው ሰው ናት ጌትዌይ ነው። የግቢው የውጭ በር ደግሞ ኢንተርኔት ጌትዌይ ይባላል።

በአማዞን ክላውድ ላይ አንድ ሰብኔት ሲፈጠር «ፐብሊክ» ወይም «ፕራይቬት» የሚል ምርጫ የለም። ልዩነቱን የሚያመጣው ራውት ቴብሉ ነው። `0.0.0.0/0` የሚለው መስመር፣ ማለትም ወደ ሌላው አድራሻ ሁሉ የሚወስደው፣ ወደ ኢንተርኔት ጌትዌይ ማለትም ወደ `igw-` ከሄደ ሰብኔቱ ፐብሊክ ነው። ወደ `nat-` ከሄደ ወይም ጭራሽ ከሌለ ፕራይቬት ነው። የሰብኔቱ ስም ምንም ይበል ምን ዋጋ የለውም። `private-db` የተባለ ሰብኔት ፐብሊክ ሊሆን ይችላል፤ የኔም እንደዚያ ነበር።

የምንሥለው ሥርዓት

የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት የሚሸጥ ድረ ገጽ እንሣል። የሚሠራው ኬፕታውን ባለው `af-south-1` ሪጅን ነው። ሁለት የተለያዩ ዞኖችን ይጠቀማል፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲቀጥል ነው። ተሳፋሪው የሚያገኘው ሎድ ባላንሰሩን ነው። ሎድ ባላንሰሩ ወደ አፕሊኬሽን ሰርቨሮቹ ያስተላልፋል። ሰርቨሮቹ ከፖስትግሬስ ዳታቤዝ ያነባሉ። ክፍያ ሲኖር ደግሞ ወደ አንድ የክፍያ ድርጅት ይደውላሉ።

ቪፒሲ ማለት በክላውዱ ውስጥ ለብቻችን የተከለለ ኔትወርክ ነው፤ የኛው የአድራሻ ክልል `10.20.0.0/16` ነው። በውስጡ ስድስት ሰብኔቶች አሉ፦

```
public-a  10.20.0.0/24     public-b  10.20.1.0/24
app-a     10.20.10.0/24    app-b     10.20.11.0/24
db-a      10.20.20.0/24    db-b      10.20.21.0/24
```

ቁጥሮቹን ሆን ብዬ ነው የዘረጋኋቸው። አሥሮቹ የአፕሊኬሽን፣ ሃያዎቹ የዳታቤዝ ናቸው። አድራሻውን ያየ ሰው ሥዕሉን ሳያይ እንኳ ረድፉን ያውቃል። እያንዳንዱ `/24` 256 አድራሻ አለው፤ አማዞን አምስቱን ለራሱ ስለሚይዝ ለሥራ የሚቀረው 251 ነው።

ደረጃ 1፦ ከመሣላችሁ በፊት መንገዶቹን አውጡ

ትዕዛዙ ይኸው፦

```
aws ec2 describe-route-tables --region af-south-1 \
  --filters Name=vpc-id,Values=vpc-0a1b2c3d \
  --query "RouteTables[].{rt:RouteTableId,main:Associations[].Main,subnets:Associations[].SubnetId,routes:Routes[].[DestinationCidrBlock,GatewayId,NatGatewayId]}"
```

የቪፒሲውን መለያ በራሳችሁ ተኩት። ለያንዳንዱ ራውት ቴብል የትኞቹ ሰብኔቶች እንደተያያዙበትና መንገዱ ወዴት እንደሚሄድ ያሳያችኋል። በወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ ሰብኔት፣ ራውት ቴብል፣ መውጫ። በኛ ምሳሌ ሁለቱ ፐብሊኮች መውጫቸው `igw-` ነው። `app-a` በራሱ ዞን ባለው ናት ጌትዌይ ይወጣል፤ `app-b` ደግሞ በራሱ። ሁለቱ የዳታቤዝ ሰብኔቶች መውጫ የላቸውም። ቴብላቸው ውስጥ ያለው `local` ብቻ ነው፤ ይህም ማለት በቪፒሲው ውስጥ ብቻ ይነጋገራሉ።

አሁን እኔን የጣለኝ ቦታ ላይ ደርሰናል። አንድ ሰብኔት ከየትኛውም ራውት ቴብል ጋር በግልጽ ካልተያያዘ ዋናውን ቴብል ይከተላል፤ `main` ላይ `true` የሚለውን። እንዲህ ያለ ሰብኔት በትዕዛዙ ውጤት ውስጥ ስሙ አይወጣም። የለም ብላችሁ ታልፉታላችሁ። መግቢያው ላይ ያነሳሁትን ሥርዓት መጀመሪያ ያቆመው ሰው ለመሞከሪያ ብሎ የኢንተርኔቱን መንገድ ዋናው ቴብል ላይ ጨምሮ ነበር። በኋላ የተፈጠሩት የዳታቤዝ ሰብኔቶች ከሌላ ቴብል ጋር ስላልተያያዙ ያንን መንገድ ወረሱ።

ስለዚህ ሰብኔቶቻችሁን ቁጠሩ። ስድስት ካሏችሁና በውጤቱ ውስጥ አራት ብቻ ካያችሁ፣ የቀሩት ሁለቱ ዋናው ቴብል ላይ ናቸው። ትዕዛዝ መጻፍ የማይመቸው ሰው በኮንሶሉ ሰብኔቱን መርጦ `Route table` የሚለውን ትር ይክፈት። እዚያ የሚታየው ሰብኔቱ በተግባር የሚከተለው ቴብል ነው።

ደረጃ 2፦ ሳጥኖቹን ከውጭ ወደ ውስጥ አስቀምጡ

draw.io ላይ በግራ በኩል ከታች `More Shapes` የሚል አለ። እሱን ከፍታችሁ የ`AWS` ስብስብን ምረጡ። ያለፉ ዓመታት ስብስቦችም እዚያው ተዘርዝረዋል። አዲሱን ብቻ ምረጡ፤ ሌሎቹን ምልክት አታድርጉባቸው። ክፍት ከሆኑ መፈለጊያው እያደባለቀ ያመጣላችኋል።

ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ሣሉ። መጀመሪያ የክላውዱ ሳጥን፣ በውስጡ ሪጅን፣ በውስጡ ቪፒሲ። በቪፒሲው ውስጥ ሁለት ዞኖችን እንደ ሁለት ቋሚ ዓምድ ጎን ለጎን አቁሙ። ሰብኔቶቹን በየዓምዱ ከላይ ወደ ታች ደርድሩ፦ ፐብሊክ፣ አፕሊኬሽን፣ ዳታቤዝ። አሁን ወደ ጎን ሲነበብ ረድፉ ሥራውን ይናገራል፤ ወደ ታች ሲነበብ ጥልቀቱን። ከኢንተርኔት የመጣ ሰው ከላይ ይገባል፣ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ወደ ጓዳ ይቀርባል። ይህን አቀማመጥ ከያዛችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ሰብኔት ከአንድ ዞን አያልፍም። ሁለት ዞን የሚያቋርጥ የሰብኔት ሳጥን ካያችሁ ሥዕሉ ስህተት ነው።

ሳጥኖቹ እርስ በርስ መያዛቸውን ፈትኑ። የቪፒሲውን ሳጥን ይዛችሁ ትንሽ ወደ ቀኝ ጎትቱት። ውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ መሄድ አለበት። ቦታው ላይ የቀረ ካለ ከላዩ ተንሳፎ ነው ያለው እንጂ ውስጡ አይደለም። አውጥታችሁ እንደገና ጣሉት፤ የሳጥኑ ጠርዝ ሲደምቅ ልቀቁት።

በየት ላይ ምን እንደሚቀመጥ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአራት ነገሮች ነው። ኢንተርኔት ጌትዌይ የቪፒሲው ጠርዝ ላይ ይሣላል፤ በር አጥር ላይ ነውና። የትኛውም ሰብኔት ውስጥ አይገባም። ናት ጌትዌይ ፐብሊክ ሰብኔት ውስጥ ይቀመጣል። ስሙ ከፕራይቬት ጋር ስለሚጠራ ሰው ታች ይሥለዋል። ታች ከሆነ ግን ራሱም መውጫ የለውም። ይህ በሥዕል ብቻ ሳይሆን በተግባርም ከተሠራ ምልክቱ ይታወቃል፤ ሰርቨሩ ወደ ውጭ ሲደውል «አልፈልግም» የሚል መልስ አያገኝም፣ ጊዜው እስኪያልቅ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ሦስተኛው ሎድ ባላንሰሩ ነው። አንድ አይከን ስለሆነ ሰው `public-a` ውስጥ ይከተዋል። የምንጠቀምበት ዓይነት ግን ቢያንስ ሁለት ዞን ይፈልጋል፣ በሁለቱም ፐብሊክ ሰብኔቶች ውስጥ እግር አለው። እኔ በሁለቱ ዓምዶች መሐል፣ በፐብሊኩ ረድፍ ላይ አስቀምጠውና ከሥሩ `public-a, public-b` ብዬ እጽፋለሁ። አራተኛው የፋይል ማከማቻው `S3` ነው። የትኬት ፒዲኤፎቹ እዚያ ናቸው። `S3` ሪጅኑ ውስጥ ነው እንጂ ቪፒሲው ውስጥ አይደለም። ከፕራይቬቱ ሰብኔት አጠገብ አድርገው ሲሥሉት «የኛ ጓዳ ውስጥ ነው» የሚል የተሳሳተ እምነት ይፈጥራል። በራውት ቴብሉ ላይ `vpce-` የሚል ካያችሁ ግን በናት ሳያልፍ ወደ `S3` የሚወስድ የውስጥ መንገድ ሊሆን ስለሚችል አጣሩና ሣሉት።

ደረጃ 3፦ አይከኖቹ አንድ ቤት የወጡ ይምሰሉ

የአማዞን አይከኖች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ባለቀለም አራት ማዕዘን ነው፤ አገልግሎቱን በጠቅላላው ይወክላል። ሁለተኛው ያለ ሳጥን በመስመር የተሣለ ነው፤ በአገልግሎቱ ውስጥ ያለን አንድ ነገር ይወክላል፣ ለምሳሌ አንድን ሰርቨር ወይም ናት ጌትዌይን። አንባቢን ግራ የሚያጋባው ሁለቱን ያለ ሕግ ማደባለቅ ነው። እኔ የምከተለው ሕግ ቀላል ነው። ቪፒሲ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ በመስመር አይከን፣ ከቪፒሲ ውጭ ያለው በባለቀለሙ። በዚህ ምክንያት `S3` ከሩቅ ሲታይ እንኳ «ይኼ ሌላ ቦታ ነው» ይላል።

መጠናቸው አንድ ይሁን። እኔ 48 በ48 አድርጌ እተወዋለሁ። ዳታቤዝ ትልቅ ነገር ነው ብሎ ማግዘፍ አያስፈልግም፤ መጠን ትርጉም ከሌለው አይለያይ። አይከኑን አታዙሩት፣ አትገልብጡት፣ ቀለሙን አትቀይሩት። አማዞን ራሱ ያወጣው መመሪያ ይህን ይከለክላል፤ ጽሑፉም ከሥሩ ከሁለት መስመር እንዳይበልጥ ይላል።

ስሙን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። በሥዕሉ ላይ የምትጽፉት ስም ኮንሶሉ ላይ ካለው ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። ኮንሶሉ ላይ `app-a` ከሆነ ሥዕሉ ላይ «የአፕሊኬሽን ሰብኔት አንድ» አትበሉት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲስተም ወድቆ ሥዕሉን የሚከፍት ሰው የሚፈልገው መፈለጊያው ላይ የሚለጥፈውን ስም ነው።

የቀለም ጉዳይ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ስብስቡ ለሰብኔት የሚሰጠው ሁለት ቀለም ነው፤ ለፐብሊኩ አረንጓዴ፣ ለፕራይቬቱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። የኛ ሥርዓት ግን ሦስት ዓይነት መንገድ አለው። `app-a` በናት ይወጣል፤ `db-a` ጭራሽ አይወጣም። ሁለቱንም በአንድ ሰማያዊ ከቀባችሁ ትልቁን ልዩነት ደበቃችሁት። ሦስተኛ ቀለም መፍጠርም አልወድም፤ ስብስቡን የሚያውቅ ሰው የማያውቀው ቀለም ሲያይ ይደናገራል። እኔ ለዳታቤዙ ያንኑ ሰማያዊ ተጠቅሜ ጠርዙን ወፍራም አደርገዋለሁ፤ ከስሙ ሥር «መውጫ የለውም» ብዬ እጽፋለሁ። ጽሑፉን አትተዉት። ሥዕሉ በጥቁርና ነጭ ሲታተም አረንጓዴውና ሰማያዊው ሁለቱም ግራጫ ይሆናሉ።

ደረጃ 4፦ ቀስቶቹ ጥሪውን ይከተሉ

ቀስት የሚያሳየው ግንኙነቱን የጀመረውን ነው። መልሱ በዚያው መንገድ ስለሚመለስ አይሣልም። ባለሁለት አፍ ቀስት ከሣላችሁ ጥያቄ ይነሳል፦ ዳታቤዙ ነው ሰርቨሩን የሚጠራው ወይስ ሰርቨሩ ዳታቤዙን?

የኛ ትኬት ገዢ መንገድ እንዲህ ነው። ከተሳፋሪው ስልክ በኢንተርኔት ጌትዌይ አልፎ ወደ ሎድ ባላንሰሩ፣ ቀስቱ ላይ 443። ከሎድ ባላንሰሩ ወደ ሁለቱ ሰርቨሮች፣ 8080። ከሰርቨሮቹ ወደ ዳታቤዙ፣ 5432። በሁለቱ ዞኖች ባሉት ዳታቤዞች መካከል ዳታው ይገለበጣል፤ ይህ የተጠቃሚ ጥሪ ስላልሆነ በቁርጥራጭ መስመር ይሁን። ተጠባባቂው ዳታቤዝ ሥራ የሚጀምረው ዋናው ሲወድቅ ስለሆነ ከ`app-b` ቀጥታ ወደሱ ቀስት አትሥሉ። የ`app-b`ም ጥሪ ወደ ዋናው ነው የሚሄደው፣ ዞን አቋርጦም ቢሆን።

ወደ ውጭ የሚሄደው ጥሪ የራሱ ቀለም ይኑረው። እኔ ብርቱካናማ እጠቀማለሁ። ከ`app-a` ሰርቨር ተነሥቶ ወደ ላይ ወደ ናት ጌትዌይ፣ ከናት ወደ ኢንተርኔት ጌትዌይ፣ ከዚያ ወደ ክፍያ ድርጅቱ። ከናት ወደ ታች የሚወርድ ቀስት ፈጽሞ አይኖርም፤ ናት ከውስጥ የተጀመረን እንጂ ከውጭ የመጣን ጥሪ አያስገባም።

ናት ጌትዌዮቹ ላይ የውጭ አድራሻቸውን ጻፉ፤ ለምሳሌ `203.0.113.10` እና `203.0.113.11`። የክፍያ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ የሚቀበሉት አስቀድመው ከመዘገቡት አድራሻ የመጣን ጥሪ ብቻ ነው። ሁለት ናት ካለ ሁለት አድራሻ ይመዘገባል። አንዱ ብቻ ከተመዘገበ ውጤቱ የሚያሳብድ ነው፤ አንዳንዱ ክፍያ ያልፋል፣ አንዳንዱ ይወድቃል፣ ሎጉም ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ አይናገርም። ሥዕሉ ላይ ሁለቱ ናቶች ከነአድራሻቸው ቢቀመጡ ግን ክፍተቱን ለማግኘት ብዙ አያለፋም።

ሴኪዩሪቲ ግሩፖችን በዚህ ሥዕል ላይ ባትጨምሩ ይሻላል። እነሱ የሚታሰሩት በየሰርቨሩ የኔትወርክ መገናኛ ላይ ነው እንጂ በሰብኔት ላይ አይደለም። ሳጥናቸው የሰብኔቱን ሳጥን እያቋረጠ ሥዕሉን ያቆሽሻል። ቀስቶቹ ላይ የጻፋችኋቸው ፖርቶች ለአንባቢ ይበቃሉ። የግድ ካስፈለጉ በሌላ ሌየር ይሁኑ፤ ሲያስፈልግ ይከፈታል፣ ሲበቃ ይዘጋል።

ደረጃ 5፦ ሌጀንዱ

ሌጀንድ የምልክቶቹ መፍቻ ነው። ብዙዎች በውስጡ የሚጽፉት «አረንጓዴ፦ ፐብሊክ ሰብኔት» ብቻ ነው። ይኼ አንባቢው የሚያውቀውን መድገም ነው። ትርጉሙን ጻፉ፤ ምን ሆኖ ነው ፐብሊክ የተባለው? የኔ እንዲህ ይላል፦

```
አረንጓዴ ሳጥን            0.0.0.0/0 → igw
ሰማያዊ፣ ቀጭን ጠርዝ        0.0.0.0/0 → nat
ሰማያዊ፣ ወፍራም ጠርዝ       local ብቻ፣ መውጫ የለውም
ጥቁር ቀስት              ወደ ውስጥ የሚገባ ጥሪ (ቁጥሩ ፖርት ነው)
ብርቱካናማ ቀስት           ወደ ውጭ የሚወጣ ጥሪ
ቁርጥራጭ መስመር           የዳታ ቅጂ
ሪጅን፦ af-south-1   ራውት ቴብል የታየበት ቀን፦ ____
```

የመጨረሻው መስመር ሥዕሉ ከተሣለበት ቀን ይለያል። ሥዕል ትናንት ተሣልቶ መረጃው የአምና ሊሆን ይችላል። አንባቢው ማወቅ ያለበት መንገዶቹ መቼ እንደታዩ ነው።

የሎድ ባላንሰር ወይም የዳታቤዝ አይከን ሌጀንድ ውስጥ አያስፈልግም፤ ስማቸው ከሥራቸው ተጽፏል። ሌጀንዱ ውስጥ የሚገባው ስም የማይጻፍበት ነገር ነው፦ ቀለም፣ ጠርዝ፣ የመስመር ዓይነት። ናሙናዎቹን እንደ አዲስ አትሥሏቸው፤ ከሥዕሉ ላይ ገልብጣችሁ አሳንሷቸው። እንደ አዲስ ሲሣሉ ቀለሙ ትንሽ ይለያል፣ አንባቢው «ይኼኛው ሌላ ነው ወይ?» ይላል። ቦታው ከታች በቀኝ፣ ከክላውዱ ሳጥን ውጭ ይሁን። ውስጥ ከገባ የሥርዓቱ አካል ይመስላል።

ሲያልቅ በሁለቱም አቅጣጫ ቁጠሩ። ሥዕሉ ላይ ያለ የመስመር ዓይነት ሁሉ ሌጀንዱ ውስጥ አለ? ሌጀንዱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሥዕሉ ላይ አለ? ከሌላ ፕሮጀክት በተቀዳ ሌጀንድ ውስጥ የትም የሌለ ቀይ መስመር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አንባቢው ያን ቀይ መስመር ፍለጋ ሥዕሉን ያስሳል።

ደረጃ 6፦ ለሌላ ሰው ስጡት

ሥርዓቱን ያልሠራ አንድ ሰው ፈልጉ። በጥቁርና ነጭ አትማችሁ ስጡት። እናንተ አትናገሩ። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁት። ከኢንተርኔት ተነሥተህ በጣትህ እስከ ዳታቤዙ ሂድ። `app-b` ወደ ክፍያ ድርጅቱ ሲደውል በየትኛው አድራሻ ይታያል? የመጀመሪያው ዞን ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ `app-b` ወደ ውጭ መውጣት ይችላል?

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ሥዕሎችን ይጥላል። ወጪ ለመቆጠብ አንድ ናት ብቻ ያለው ሥርዓት ላይ የ`app-b` ብርቱካናማ ቀስት ዞን አቋርጦ ወደ `public-a` ይሄዳል። ያ ዞን ሲወድቅ `app-b` ራሱ ቆሞ እያለ መውጫ ያጣል፤ ትኬት ያሳያል፣ ክፍያ አይቀበልም። አንድ ናት መጠቀም ለትንሽ ሥርዓት ያስኬዳል፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ግን ቀስቱ በትክክል ዞን አቋርጦ ይሣል፤ የሚከፍለው ሰው አይቶ ይወስን።

የተጠየቀው ሰው ጣቱ ቆሞ ዓይኑ ሌጀንዱን ከፈለገ፣ የቆመበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ማስተካከል ያለባችሁ እሱን ነው።

ወደ ምስል ስትቀይሩት `File` ውስጥ `Export as` ብላችሁ `PNG` ምረጡ፤ `Include a copy of my diagram` የሚለው ላይም ምልክት አድርጉ። እንዲህ ከሆነ ምስሉ ራሱ ተመልሶ draw.io ላይ ሊከፈትና ሊታረም ይችላል። ፋይሉን ከኔትወርኩ ኮድ ጋር በአንድ ማኅደር ውስጥ አስቀምጡት። ራውት ቴብል የሚነካ ለውጥ ሲመጣ የደረጃ 1ን ትዕዛዝ እንደገና አስኪዱ፤ ሥዕሉም ቀኑም በዚያው ለውጥ ውስጥ ይታረሙ።